ያለ ኑዛዜ የቀረ ቤት እንዴት ይከፈላል?

አንድ አባወራ ኑዛዜ ሳይተው ያርፋል እንበል። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ካርታው በእሱ ስም ወጥቷል፤ ባለቤቱ እዚያው ትኖራለች። አርባው ካለፈ በኋላ ታላቁ ልጅ ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ፦ «ቤቱ በአባታችን ስም ነው፤ እማማም እንደ አንድ ልጅ ቆጥረናት እኩል እንካፈል» ይላል። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ግን ከሕጉ ጋር አይገጥምም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀችውን እናት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳውም ይኸው ስሌት ነው።

ቤቱ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የትዳሩ ሀብት ይከፈላል፤ ውርሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ካርታው በአንዳቸው ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ «የግል ሀብት ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ሕጉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

ስለዚህ ቤቱ በትዳር ዘመን የተሠራ ወይም የተገዛ ከሆነ ግማሹ የሚስት ነው። ይህ ግማሽ ውርስ አይደለም። ባሏ በሕይወት እያለም የራሷ ነበር፤ ልጆቹ ሊሰጧትም ሊነፍጓትም አይችሉም። በአንጻሩ ባል ቤቱን ከጋብቻ በፊት ሠርቶት ወይም ከወላጆቹ ወርሶት ከነበረ የግል ሀብቱ ይሆንና ሙሉ በሙሉ ወደ ውርሱ ይገባል። በጋራ ገንዘብ የተጨመረ ክፍል ወይም የተደረገ ትልቅ እድሳት ካለ ደግሞ ሚስት ያንን ለይታ ልትጠይቅ ትችላለችና ደረሰኝም ሆነ ምስክር ከወዲሁ መያዝ ይበጃታል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችም፣ አብሮ መኖሩ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ በሌለበት ባልና ሚስት አይወራረሱም። በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ፣ ታላቅና ታናሽ አይለያዩም። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ልጅነቱ እስከተረጋገጠ ድረስ፣ በትዳር ውስጥ ከተወለደው ጋር አንድ መብት አለው፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንዲሁ። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእግሩ ተተክተው እሱ ሊያገኝ የነበረውን ድርሻ ይወስዳሉ።

ወደ አባወራው ቤት እንመለስ። ቤቱ በትዳር ዘመን የተሠራ ነው፤ በ8 ሚሊዮን ብር ተገመተ። ሟቹ ከሚስቱ ሦስት ልጆች አሉት፤ አንዷ ልጅ ከእሱ በፊት አርፋ ሁለት ልጆች ትታለች። ከትዳር ውጭ የተወለደ አንድ ልጅም አለው። በሟቹ ላይ 400,000 ብር የግል ዕዳ ተገኝቷል። በመጀመሪያ 4 ሚሊዮኑ ለሚስት ይወጣል። ከቀሪው 4 ሚሊዮን ላይ ዕዳው ሲነሳ 3.6 ሚሊዮን ብር ይቀራል። ይህ ለአራት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 900,000 ብር ይደርሳል። የሞተችው ልጅ ድርሻ ለሁለቱ ልጆቿ ስለሚተላለፍ እያንዳንዳቸው 450,000 ብር ያገኛሉ። ታላቁ ልጅ እንዳሰበው ቢሆን ኖሮ እናትየው አንድ የልጅ ድርሻ ብቻ ይዛ ትቀር ነበር።

ድርሻው በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ አድካሚው መንገዱ ነው። ወራሾች መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት ያወጣሉ፤ ከዚያ ልጅነታቸውን የሚያሳይ ማስረጃና ምስክሮች ይዘው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ውጭ አገር ያለ ወራሽ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ልኮ ጉዳዩን ማስፈጸም ይችላል።

ይህ ማስረጃ የሚያረጋግጠው ማን ወራሽ እንደሆነ ነው፤ ቤቱ የሟቹ ስለመሆኑ ወይም የትኛው ክፍል ለማን እንደሚደርስ አይወስንም። ይህን ሁለት ነገር ማምታታት ብዙ ቤተሰብ ያጋጫል። ወረቀቱን ያወጣው ልጅ ቤቱን ብቻውን ያገኘ ይመስለዋል፤ እናትየውም ስሟ ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ድርሻዋ የጠፋ ይመስላታል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወራሽን መደበቅ ነው። አንዱ ወንድም «ከእኔ በቀር ወራሽ የለም» ብሎ ማስረጃ ያወጣና ስመ ንብረቱን በስሙ ያዛውራል፤ ክፍለ ሀገር ያለችው እህቱ የምትሰማው ቤቱ ሊሸጥ ሲል ነው። እንዲህ ያለው ማስረጃ በፍርድ ቤት እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ይርጋ አለው። የውርስ ንብረቱን ያለአግባብ በያዘው ሰው ላይ የሚቀርበው የወራሽነት ክስ፣ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ወንድሜ ነው፤ ነገ ይሰጠኛል» እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ መብት ያስቀራል።

ወራሾቹ ከታወቁ በኋላ ክፍፍሉን በስምምነት መጨረስ ከሁሉ ይሻላል፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ሰፍሮ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ ፍርድ ቤት ቢያጸድቀው በኋላ ከሚነሳ ክስ ያድናል። ግቢው ሰፊ ከሆነ በዓይነት ሊከፈል ይችላል። አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ያለው ቤት ግን ለአምስት ሰው በዓይነት አይከፈልም። ያኔ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ገምቶ በገንዘብ ይከፍላል፤ ካልተስማሙ ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን በየድርሻቸው ይወስዳሉ። እስከዚያው ቤቱ ተከራይቶ ከሆነ ኪራዩም የሁሉም ነውና፣ ሰብሳቢው ሒሳቡን በጽሑፍ ይያዝ።

እዚህ ላይ የቀበሌ ቤት ለብቻው መታየት አለበት። የመንግሥት ቤት ስለሆነ የሟች ውርስ ውስጥ አይገባም። የገጠር መሬትም የራሱ ሕግ አለው። ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ጉዳያቸውን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ካቀረቡ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ልጆች ያሉት ባል ሲሞት ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች፤ ወንድ ልጅም የሴት ልጅን እጥፍ ይወስዳል።

ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ግን ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡበት ይገባል። ልጅ የሌለው ባል ያለ ኑዛዜ ከሞተ ከጋራው ቤት የእሱ ግማሽ ለእናትና ለአባቱ ይተላለፋል፤ እነሱ በሕይወት ከሌሉ በእግራቸው የሚተኩት ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው። ሚስት ከእነሱ ጋር ቤት ለመካፈል ትገደዳለች። ይህን የማይፈልግ ሰው ዛሬውኑ ኑዛዜ ያድርግ። ሙሉውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጠቅሶ፣ ቀን ጽፎ ሊፈርምበት ይችላል፤ አለበለዚያ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እሱም ምስክሮቹም ይፈርሙበት።