እግሯ መሬት እንዲነካ

ቤተሰቡ በገና ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አዲስ አበባ ባለው ግቢያቸው ተሰብስቦ ፎቶ ተነሥቷል። ዋሽንግተን የምትኖረው ልጅ ብቻ ጎድላለች። እናት የልጅቷን ፎቶ ወደ ፎቶ ቤት ይልኩና «ከወንድሟ አጠገብ አቁሙልኝ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለፎቶ ቤት ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ልጅቷን ከፎቶዋ ቆርጦ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቁመቷን ከወንድሟ ጋር ማመጣጠንም አያስቸግርም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን ፎቶውን ያየ ሰው «ተለጥፋ ነው» ይላል። ምኑ እንዳላማረው ቢጠየቅ ፊቷን ይመረምራል፣ የፀጉሯን ዳር ያያል። ጥፋቱ ያለው ብዙውን ጊዜ ከጫማዋ ሥር ነው።

ዓይናችን አንድ ነገር መሬት ላይ መቆሙን የሚያውቀው ከነገሩ ይልቅ ከጥላው ነው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ከርስተን፣ ፓስካል ማማሲያንና ዴቪድ ኒል በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን በአንዲት ኳስ አሳይተዋል። በኮምፒውተር በተሠራ ተንቀሳቃሽ ምስል ኳሷ በሣጥን ውስጥ በሰያፍ ትጓዛለች። ጥላዋ ከሥሯ ሳይለይ ሲከተላት ወለሉ ላይ የምትንሸራተት ትመስላለች። ጥላው ብቻ መንገዱን ሲቀይርና ከኳሷ ሲርቅ፣ ያችው ኳስ በዚያው መስመር እየሄደች ወደ አየር የምትነሣ ትመስላለች። የተለወጠው ጥላው ብቻ ነበር። በአንጻሩ የሰው ዓይን የብርሃን አቅጣጫ ስሕተትን ቶሎ አያገኝም። ዩሪ ኦስትሮቭስኪ፣ ፓትሪክ ካቫናና ፓዋን ሲንሃ በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በአንድ ምስል ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ብርሃን ቢያርፍበትም ተመልካቹ ልዩነቱን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ረጅሙ ጥላ ጥቂት ቢዛባ ተመልካቹ ያልፈዋል፤ ከእግር ሥር የሚጎድለውን ጨለማ ግን አያልፈውም። ሥራውም ከዚያ መጀመር አለበት እላለሁ። ብዙዎች ግን ረጅሙን ጥላ ሲያሳምሩ ይውሉና እግሯን ይረሱታል።

ከቆመ ሰው ሥር ሁለት ጥላ አለ። ሁለቱም ከየትኛው ብርሃን መታገድ እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። ፀሐያማ ቀን መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሁለት ነው፤ አንዱ በቀጥታ ከፀሐይ፣ ሌላው ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል። ረጅሙ ጥላ የሚፈጠረው ሰውየው የፀሐይን ብርሃን ሲያግድ ነው። የሰማዩ ብርሃን ግን እዚያም ይደርሳል፤ ስለዚህ ረጅሙ ጥላ ውስጥ ጠጠሩም ስንጥቁም በደንብ ይታያል። ጫማው መሬቱን በሚነካበት ጠባብ ቦታ ደግሞ ሰማዩም ይታገዳል። እዚያ ያለው ጨለማ የመርገጫ ጥላ ይባል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ረጅሙ ጥላ ይጠፋል፤ የመርገጫው ጥላ ግን በደመናም ቀን፣ በቤት ውስጥም ይኖራል።

የመርገጫው ጥላ በጣም የሚጠቁረው ጫማው መሬቱን በነካበት መስመር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በጥቂት ጣት ርቀት ውስጥ ይሟሟል። በፎቶሾፕ ከልጅቷ ሌየር ሥር ሁለት አዲስ ሌየሮች ይከፈታሉ። በአንዱ ላይ በቀጭን ብሩሽ የሶሉ ጠርዝ ተከትሎ ጥቁር ለማለት ጥቂት የቀረው መስመር ይሰመራል። በሌላው ላይ ሰፋ ባለና ለስላሳ ብሩሽ ደብዘዝ ያለ ጥላ በጫማው ዙሪያ ይቀባል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ግን ጫማው በእስክሪብቶ የተከበበ ይመስላል። ሶል መሬቱን በሁሉም ቦታ እኩል አይነካም፤ ከተረከዝና ከፊት ይጫናል፣ መሐሉ ይነሣል፣ የጣቶቹም ጫፍ ትንሽ ቀና ይላል። ጨለማው በተጫነበት ይጥበብና ይጥቆር፣ በተነሣበት ይስፋና ይሳሳ። ባለ ተረከዝ ጫማ ከሆነ ከተረከዙ ጫፍ ሥር አንዲት ነጠብጣብ፣ ከፊት ሌላ መስመር ይኖራል፤ በመካከላቸው ብርሃን ያልፋል። የሶሉንም የታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ማጥቆር ይገባል፤ ምክንያቱም መሬቱ ጫማውን ያጨልመዋል፣ ጫማውም መሬቱን። ልጅቷ እስከ መሬት የሚደርስ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከሆነ ጥላው የቀሚሱን ዘርፍ ይከተላል፤ ጨርቁ መሬቱን ከነካ ጠባብ፣ ከፍ ካለ ሰፊና ለስላሳ ይሆናል።

ወደ ረጅሙ ጥላ ስንመጣ፣ ፎቶው ውስጥ መልስ ያለው ሰው አለ፤ ወንድሟ። በገና ሰሞን በዚያ ሰዓት የአዲስ አበባ ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል 41 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ጥላም ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት በልጦ ይወድቃል። ባለሙያው ይህን ማስላት አያስፈልገውም። የወንድምየው ጥላ ከእግሩ ተነሥቶ የት እንደደረሰ አይቶ የእሷንም በዚያው መጠን ማስተኛት ይበቃዋል።

የተለመደው ዘዴ የልጅቷን ቅርጽ መቅዳት፣ ቅጂውን በአንድ ቀለም መሙላት፣ ከዚያም በ`Distort` ጎትቶ መሬት ላይ ማስተኛት ነው። የሚጎተተው ራሱ ሲሆን እግሩ ካለበት መነቃነቅ የለበትም። ሁለቱ እግሮቿ በተለያየ ርቀት ላይ ከቆሙ፣ አንዱ ሲገጥም ሌላው ከጫማው ይለያል። ያን ጊዜ የእያንዳንዱ እግር ጥላ ተለይቶ ከየጫማው እንዲጀምር ይስተካከላል። ጥላው ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ከደረሰም መተኛቱን ትቶ፣ መሬቱና ግድግዳው ከሚጋጠሙበት መስመር ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ሥራው በብዛት የሚበላሸው በቀለሙ ነው። ጥላ ይሁን ተብሎ ጥቁር ይቀባና ግልጽነቱ በግምት ይቀነሳል፤ ውጤቱም እንደ ጥላሸት ያለ ግራጫ ነው። የወንድምየው ጥላ ግን ግራጫ አይደለም። ፀሐይ ታግዳ የቀረው የሰማይ ብርሃን ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ምን ያህል እንደሚያደላ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ከጥላው ጠርዝ ወዲህና ወዲያ፣ በዚያው ወለል ላይ፣ ሁለት ነጥብ በቀለም መልቀሚያው ይለካ። ፀሐይ ላይ ያለው ወለል ቀይ 200፣ አረንጓዴ 180፣ ሰማያዊ 150 አለ እንበል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ 80፣ 82፣ 84። እያንዳንዱ የጥላ ቁጥር ለፀሐዩ ቁጥር ይካፈላል፣ ከዚያ በ255 ይባዛል። የሚገኘው 102፣ 116፣ 143 ነው። የልጅቷ ጥላ በዚህ ቀለም ተሞልቶ ሌየሩ `Multiply` ላይ ይደረጋል፤ `Opacity` 100 እንዳለ ይቆያል። የእሷ ጥላ ከወንድሟ ጥላ ጋር በጥቁረትም በቀለምም ይገጥማል፤ የወለሉም ጠጠርና ስንጥቅ እንዳለ ይታያል። በዓይን ግምት ረጅም ሰዓት ከመልፋት ይህች ስሌት ትሻላለች። የመርገጫው ጥላ ግን ይህን ሰማያዊነት አይጋራም። ሰማዩ ስለማይደርስበት ወደ ወለሉ የራሱ ቀለም ወደ ጥቁር ቡኒ ያዘነብላል።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ካለና የልጅቷ ጥላ የዛፉ ጥላ ላይ ከተደረበ ሌላ ስሕተት ይመጣል። `Multiply` ሁለቱን ደራርቦ ተደራራቢውን ቦታ እጥፍ ያጠቁረዋል። እዚያ ግን ፀሐይን ዛፉ ቀድሞ አግዷታል፤ ልጅቷ የምታግደው ሌላ ፀሐይ የለም። ስለዚህ የእሷ ረጅም ጥላ የዛፉ ጥላ ላይ ሲደርስ በማስክ ይደመሰሳል፣ ሁለቱም አንድ ጥላ ይሆናሉ። የመርገጫው ጥላ ግን የዛፉም ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ የሚያግደው የሰማዩን ብርሃን ነውና። በቅርበት የሚያይ ሰው ተለጥፋለች ወይ የሚለውን ከዚህ መለየት ይችላል።

የጥላው ጠርዝ ደግሞ ከእግር ወደ ራስ እየለሰለሰ ይሄዳል። ፀሐይ በሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት፣ ጥላ ጣዩ ከመሬቱ በራቀ ቁጥር በየሜትሩ ወደ አንድ ሴንቲሜትር የሚጠጋ የደበዘዘ ጠርዝ ይፈጠራል። 1.65 ሜትር ቁመት ያላት ልጅ ራሷ ከራሷ ጥላ በ2.5 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ የራሱ ጥላ ጠርዝ ከሁለት ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፣ የእግሯ ጥላ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ሁሉንም በአንድ `Gaussian Blur` ማለስለስ፣ ይልቁንም እግሩ ጋ ማለስለስ፣ ልጅቷን መልሶ አየር ላይ ያነሣታል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ በመስመር መፈተሽ ይቻላል። ከወንድምየው ራስ ወደ ራሱ ጥላ፣ ከወንበሩ ጫፍ ወደ ጫፉ ጥላ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሰመሩ። ብርሃኑ አንድ ከሆነ መስመሮቹ ሲቀጥሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ የልጅቷም መስመር እዚያው መድረስ አለበት። ኤሪክ ኪ፣ ጄምስ ኦብራያንና ሃኒ ፋሪድ በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፎቶ መነካካቱን የሚያጋልጥ ዘዴ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

የማስተኛቱ ዘዴ ግን ወሰን አለው። ጥላ የሚይዘው ካሜራው ያየውን ሳይሆን ፀሐይዋ ያየችውን ቅርጽ ነው። ፀሐይ በካሜራው ጀርባ ወይም ፊት ለፊት ስትሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ። ከጎን ስትሆን ግን ጥላው የልጅቷን ጎን ማሳየት አለበት፤ ትከሻዋ ይጠባል፣ እጇ ከሰውነቷ ጋር ይዋሃዳል፣ አፍንጫዋ ብቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የተቀዳው ቅርጽ አይሆንም፤ ጥላው በእጅ ይሳላል፣ ወይም በዚያ ጎን ከተነሣችው ሌላ ፎቶዋ ይወሰዳል።

ፊቷ ላይ ያለውን ብርሃን ደግሞ የትኛውም ጥላ አያስተካክለውም። የቤተሰቡ ፀሐይ ከግራ ትከሻቸው በኩል ሲመጣ የእሷ ከቀኝ ከሆነ፣ ከእግሯ ሥር የተደከመው ሁሉ ከንቱ ነው። አንዳንዶች ምስሏን ግራ ቀኝ ይገለብጡታል፤ የፀጉሯ ክፍያና የነጠላዋ አጣጣል ግን አብሮ ይገለበጣል፣ እናትም ወዲያው ያውቁታል። እኔ የምመርጠው ሥራው ከመጀመሩ በፊት አዲስ ፎቶ መጠየቅ ነው። ዋሽንግተን በገና ሰሞን ፀሐይ እኩለ ቀን እንኳ 30 ዲግሪ አትሞላም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባው ከፍታ ጋር ልክ አይገጥምም። ከከፍታው ይልቅ ጎኑ ይበልጣል። ለልጅቷ የሚላከው መልእክት አጭር ነው፦ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ደጅ ውጪ፤ ፀሐይዋ ከግራ ትከሻሽ በኩል ትምጣልሽ፤ የሚያነሣሽ ሰው ካሜራውን ወንድምሽን ያነሣው ሰው በያዘበት ከፍታ ይያዘው፤ ጫማሽና ከሥሩ ያለው መሬት ሳይቆረጥ ይግባ።