ለአንድ ጨው ሦስት መደብ፦ የንግድ ምልክት ማመልከቻ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ የሠመራ ነጋዴ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተውን ጨው አዮዲን ጨምሮና በግማሽ ኪሎ አሽጎ ለአዋሽ ሱቆችና ለመንገደኞች ማቅረብ ጀመረ እንበል። በከረጢቱ ላይ ያሳተመው ስም «ንጋት» ነው። ይህ ስም በሌላ ሰው እንዳይወሰድበት ይፈልጋል። የንግድ ፈቃዱና የንግድ ስም ምዝገባው ብቻቸውን ይህን ጥበቃ አይሰጡትም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው ምልክቱ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው።

የማመልከቻው ዋና ሥራ በሦስት ነገሮች ላይ ያርፋል፤ እነርሱም የዕቃው መደብ፣ የዕቃው ዝርዝርና የምልክቱ ናሙና ናቸው።

መደብ መምረጥ

ዕቃዎችና አገልግሎቶች የሚመደቡት የኒስ ምደባ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ 45 መደቦች አሉት፤ ከ1 እስከ 34 ያሉት ለዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 ያሉት ለአገልግሎት ናቸው። ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት መደብ የሚለየው በዕቃው ምንነት ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። ጨው ግን እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። የምግብ ጨው በመደብ 30 ይገባል። ለከብትና ለግመል የሚላስ ጨው ከእንስሳት መኖ ጋር በመደብ 31 ይመደባል። ለቆዳ ፋብሪካ ወይም ለሌላ ኢንዱስትሪ በጥሬው የሚሸጥ ጨው ደግሞ በመደብ 1 ይካተታል።

ነጋዴያችን መደብ 30ን ብቻ ቢሞላና በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስም የከብት ጨው ቢያወጣ ምዝገባው ሁለተኛውን ምርት በቀጥታ አይሸፍንለትም። በሌላ በኩል ለጥንቃቄ በሚል የማይሸጠውን ሁሉ መዘርዘርም አይጠቅምም። ለተከታታይ ሦስት ዓመት ጥቅም ላይ ያልዋለ ምልክት በሌላ ሰው ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላልና። ስለዚህ አሁን የሚሸጠውንና በቅርቡ ለመሸጥ በእርግጥ የተዘጋጀበትን ብቻ መምረጥ ይበጃል። መደብ 35 የሚያስፈልገው የሌሎችን ምርት ጭምር በራሱ ስም በከፈተው መደብር የሚሸጥ ከሆነ ነው።

ዕቃውን መግለጽ

መደቡ ከተመረጠ በኋላ ዕቃው በግልጽ ቃል ይጻፋል። «የምግብ ሸቀጦች» የሚለው አገላለጽ ብዙ መደቦችን ስለሚነካ ወሰን የለውም። «ጨው» ብቻ ማለትም ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ትክክለኛው አገላለጽ «አዮዲን የተጨመረበት የምግብ ጨው፤ መደብ 30» እና «ለከብት የሚላስ ጨው፤ መደብ 31» የሚል ነው። ዝርዝሩን በኋላ ማጥበብ ይቻላል፤ አዲስ ዕቃ መጨመር ግን ሌላ ማመልከቻ ይጠይቃል። ከማስገባት በፊት ዝርዝሩን ከሽያጭ ደረሰኝና ከከረጢቱ ጽሑፍ ጋር ማነጻጸር የተረሳውን ያሳያል።

ናሙናውን ማዘጋጀት

የሚመዘገበው በናሙናው ላይ የሚታየው ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት የከረጢቱን ፎቶግራፍ እንዳለ ማቅረብ ነው። በከረጢቱ ላይ ክብደት፣ ስልክ ቁጥርና የአገልግሎት ጊዜ አለ፤ እነዚህ ይለወጣሉ፣ የምልክቱም አካል አይደሉም። ናሙናው «ንጋት» የሚለውን ቃልና አብሮት የሚሄደውን ሥዕል ብቻ፣ በነጭ መደብ ላይ፣ ጥርት ብሎ መያዝ አለበት። የመንግሥት ዓርማ ወይም የጥራት ማረጋገጫ ተቋማት ምልክት ሊገባበት አይገባም። ቀለም የምልክቱ መለያ ከሆነ ናሙናው በቀለም ይቀርባል፤ ቀለሞቹም ይገለጻሉ። ቃሉ በአፋርኛ ከሆነ ትርጉሙን አብሮ መግለጽ ለመርማሪው ሥራውን ያቀልለታል።

ስሙም ራሱ ይመረመራል። «የአፍዴራ ጨው» ብቻውን የምርቱን ዓይነትና የመጣበትን ቦታ ስለሚናገር መለያ አይሆንም፤ ከአፍዴራ ጨው የሚያወጣ ሁሉ ሊጠቀምበት የሚገባ ቃል ነው። ይህ ጥያቄ አገራችንንም ገጥሟታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ ሐረርና ሲዳሞ ገላጭ ቃላት ናቸው በሚል በመጀመሪያ ውድቅ ተደርገው ነበር። የተመዘገቡት ከረዥም ክርክር በኋላ ነው። አንድ አነስተኛ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለውን ክርክር የሚሸከምበት አቅም የለውም። «ንጋት» የሚለውን መለያ አጉልቶ «ጨው» የሚለውን በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ መተው ይቀለዋል።

ምዝገባው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ከረጢት በብዛት ከማሳተም በፊት በባለሥልጣኑ መዝገብ ተመሳሳይ ምልክት አለመኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ስሙ የተያዘ ሆኖ ከተገኘ የሚለወጠው አንድ ወረቀት ይሆናል፤ ከኅትመት በኋላ ከሆነ ግን የታሸገው ጨው ሁሉ ነው።