የረቡዕ ጠዋት ጉልበት

ሰላምታችን ረጅም ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው። «እንዴት አደርክ?» ቢባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፤ «ደህና ነሽ ወይ?» ቢባልም ያው «ደህና»። ትኩሳት የያዘው ሰው እንኳ አስቀድሞ ደህና ነኝ ይልና ነው ወደ ሕመሙ የሚገባው። ስሜቱንና ጉልበቱን በየቀኑ መመዝገብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚታገለውም ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ «ደህና» ማለት 3 ነውና፣ የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ቁጥር ሰልፍ ይሆናል።

ባንክ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ መዝገቡን የጀመረችው በተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። በስልክም የሚሠሩ መተግበሪያዎች አሉ፤ አሠራራቸው ያው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ የስልኳ ደወል ያቃጭላል። ሁለት ቁጥርና አንድ ቃል ትጽፋለች። አንደኛው ቁጥር የጉልበት ነው፣ ሁለተኛው የስሜት፤ ቃሉ ደግሞ በዚያች ሰዓት የነበረውን ነገር የሚያስታውስ ነው፦ «ሰልፍ»፣ «እንቅልፍ»፣ «እናቴ»። ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም።

ከሦስት ቁጥር ሰልፍ ያወጣት የደብተሩ ሽፋን ነው። እዚያ ላይ ጫፎቹን በራሷ ቋንቋ ጽፋቸዋለች። ጉልበት 1፦ ከተቀመጥኩበት መነሣት ያቅተኛል። ጉልበት 5፦ ሳይነግሩኝ ሥራ እፈልጋለሁ። ስሜት 1፦ የሰው ፊት ማየት አልፈልግም። ስሜት 5፦ ሳላውቀው ሳንጎራጉር ራሴን እይዘዋለሁ። ጫፉ ያልተጻፈ መለኪያ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ 4 ያልነውን በሚቀጥለው ወር 3 እንለዋለን፣ ያኔ ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ነው።

ሁለት ቁጥር ለምን አስፈለገ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ራስል በ1980 ባወጣው ጽሑፍ ስሜትን እንደ ካርታ ነበር የሣለው። አንዱ መስመር ከደስ የማይል ወደ ደስ የሚል ይሄዳል፤ ሁለተኛው ያንን አቋርጦ ከመቀዝቀዝ ወደ መንቃት ይወጣል። ንዴትና ፈንጠዝያ ሁለቱም የነቁ ናቸው፣ ግን በተቃራኒ ዳርቻ ይቆማሉ። ጸጥ ያለ እርካታና ድብርትም እንዲሁ ሁለቱም የቀዘቀዙ ሆነው ይለያያሉ። በአንድ ቁጥር ብቻ የሚመዘግብ ሰው እነዚህን ይደበላልቃቸዋል።

ሰዓቱን ጠብቆ በዚያው ቅጽበት መጻፉም ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይና ባልደረቦቹ ለሰዎች ፔጀር እየሰጡ፣ በጮኸ ቁጥር ምን እየሠሩና ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ያስጽፏቸው ነበር። ምክንያቱ ትዝታ አለመታመኑ ነው። እሑድ ማታ ቁጭ ብሎ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚመልሰው ባብዛኛው ስለ እሑድ ማታ ነው፤ ቢበዛ በሳምንቱ ውስጥ በጣም ያናደደችውን አንዲት ሰዓት ይጨምርበታል።

በጥር ወር የሞላችው አንድ ሳምንት ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ከጠዋት ወደ ማታ ይነበባሉ።

ሰኞ፦ ጉልበት 4፣ 3፣ 3፤ ስሜት 3፣ 3፣ 4
ማክሰኞ፦ ጉልበት 4፣ 3፣ 2፤ ስሜት 3፣ 3፣ 4
ረቡዕ፦ ጉልበት 2፣ 2፣ 3፤ ስሜት 3፣ 3፣ 3
ሐሙስ፦ ጉልበት 4፣ 3፣ 2፤ ስሜት 3፣ 3፣ 4
ዓርብ፦ ጉልበት 2፣ 2፣ 3፤ ስሜት 3፣ 3፣ 4
ቅዳሜ፦ ጉልበት 4፣ 4፣ 4፤ ስሜት 4፣ 4፣ 4
እሑድ፦ ጉልበት 4፣ 4፣ 3፤ ስሜት 4፣ 3፣ 2

የሳምንት ማጠቃለያ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው አማካይን ነው። እናስላው፦ ጉልበቱ ተደምሮ 65፣ ለ21 ሲካፈል 3.1። ስሜቱ 70፣ ለ21 ሲካፈል 3.3። ይኼው ዞሮ ዞሮ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሆነ። እንደኔ እንደኔ ከማጠቃለያው ገጽ ላይ ትንሹን ነገር የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው፤ መተግበሪያዎቹ ግን በትልቁ የሚጽፉት እሱኑ ነው።

የሚናገሩት ረድፎቹ ናቸው። ማክሰኞ ማታንና እሑድ ማታን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ማክሰኞ ማታ ጉልበቷ 2፣ ስሜቷ 4 ነው። የማታ ትምህርቷን ጨርሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች፤ ደክሟታል፣ ደስ ብሏታል። እሑድ ማታ ጉልበቷ 3፣ ስሜቷ 2 ነው። ቀኑን ሙሉ ስታርፍ ውላለች፣ ሰውነቷ ምንም አልሆነም፣ ልቧ ግን ከፍቶታል። ከጎኑ የጻፈችው ቃል «ቴሌግራም» ይላል፤ የሰኞ የሥራ ድልድል በመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ የሚለቀቀው እሑድ ማታ ነው። ሁለቱንም ምሽት «ደክሞኛል» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። አንደኛው ግን በእንቅልፍ ይለቃል፣ ሌላው አይለቅም።

ከዚያ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ጠዋት 2፣ ከሰዓት 2፣ ማታ 3። አንድ ሳምንት ብቻ ቢሆን ዝም ብሎ ያጋጠመ ነው ይባል ነበር፤ አንድ ሳምንት የሚይዘው አንድ ረቡዕ ነውና። እሷ ግን አራት ሳምንት ቆጥራ አራቱም ረቡዕና አራቱም ዓርብ አንድ ዓይነት ሆኑባት። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን መልሱ አፍ ላይ ነው፦ ጾም! እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ማታ ላይ ከበላች በኋላ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚያሳምን ነው። ችግሩ ግን ረቡዕ ከማክሰኞ ቀጥሎ፣ ዓርብም ከሐሙስ ቀጥሎ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ የማታ ትምህርቷም ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ቤት የምትደርሰው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ራት ሠርታ በልታ 6 ሰዓት ሌሊት ትተኛለች፣ 11 ሰዓት ተኩል ትነሣለች። አምስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ። ጾሙና እንቅልፍ ማጣቱ በአንድ ቀን ስለሚወድቁ፣ ከጥር ወር መዝገብ ብቻ ተነሥቶ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ሁለቱ አብረው እስከሄዱ ድረስ ወራት ቢደራረቡም አይቻልም።

የለየላት በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ የማታ ትምህርቱ ግን እንደ ወትሮው ቀጥሎ ነበር። አንዱ ምክንያት ሲነሣ ሌላው ባለበት ቆየ ማለት ነው። ሰባት ረቡዕና ሰባት ዓርብ ተመዘገቡ። ከ14ቱ ጠዋቶች 11ዱ አሁንም 2 ወይም ከዚያ በታች ነበሩ፤ ቁርስ በልታም ጠዋቱ አልተነሣም። ከሰዓት በኋላው ግን ተለወጠ፤ ከ14ቱ 10ሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሆኑ። ጠዋቱን ያወረደው እንቅልፉ፣ ከሰዓቱን ደግሞ ቢያንስ በከፊል ጾሙ ነበር። በቀን አንዴ ብቻ ብትመዘግብ ኖሮ ይህ አይታይም ነበር።

መዝገቡ የሚዋሽባቸው መንገዶች አሉ፤ ዋናው ባዶ ቦታ ነው። ሰው መጻፍ የሚዘነጋው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። የከፋው ቀን ነው ደብተሩ ከቦርሳ የማይወጣው። ከላይ ባለው ሳምንት ረቡዕንና ዓርብን ሳትጽፍ ብትቀር የጉልበቷ ድምር 51 ለ15 ይካፈልና 3.4 ይሆናል፤ ተሻላት ያስብላል፣ የሆነው ግን መጥፎ ቀኖቿ ከገጹ መጥፋታቸው ነው። ስለዚህ ማጠቃለያ ስታዩ መጀመሪያ ስንቱ እንደተሞላ ቁጠሩ።

ሁለተኛው የእኛ አቆጣጠር ጣጣ ነው። ስልኩ ቀን የሚቀይረው 6 ሰዓት ሌሊት ላይ ነው። እሷ በደብተር ፈንታ በመተግበሪያ ብትመዘግብና ማክሰኞ ማታ ረስታ ከዚያ በኋላ ብትጽፍ፣ ለእሷ ገና ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ መተግበሪያው ግን የድካሟን ቁጥር ረቡዕ ላይ ያኖረዋል፣ ረቡዕም ያለ ኃጢአቱ ይብስበታል። የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ቀኑን ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ ቢቆጥር ይሻለዋል። በእጅ የሚጽፍም «3 ሰዓት» ብሎ አይተወው፤ ጠዋት ወይም ማታ ይበል።

ሦስተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የምታመለክተው ቀስት ናት። ካለፈው ሳምንት 0.2 ጨመረ ስትል ታስደስታለች። በ21 ቁጥሮች ላይ 0.2 ማለት አራት ያህል ነጥብ ነው፤ አራት ጊዜ 3 በማለት ፈንታ 4 ከተባለ ቀስቷ ትነሣለች። አንድ የተሳካ ቅዳሜ ብቻውን ይህን ያደርጋል።

ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ ደግሞ የምሥራች አይደለም። ሐኪሞች ከፍና ዝቅ የሚል የስሜት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በተመሳሳይ መዝገብ ሲከታተሉ የሚያስፈራቸው፣ እንቅልፍ ወደ ሦስት አራት ሰዓት ወርዶ ሳለ ጉልበቱ ለቀናት 5 ላይ ሲቆም ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ስሜት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል 1 ወይም 2 ላይ ከተኛ፣ የረድፍ ንባቡን ትቶ ደብተሩን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ጓደኛዬ ከጰራቅሊጦስ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። ማክሰኞ ማክሰኞ ራቷን በምሳ ዕቃ ይዛ ሄዳ ከትምህርት በፊት ትበላና ቤት ስትደርስ ቶሎ ትተኛለች፤ ሐሙስን ሆን ብላ እንዳለ ተወችው። ጾመ ሐዋርያት ገብቶ ነበር፤ ግን ለረቡዕም ለዓርብም እኩል ስለሆነ ንጽጽሩን አያበላሽም። በአራት ሳምንት የረቡዕ ጠዋት ጉልበት 3፣ 3፣ 4፣ 3 መጣ፤ የዓርብ 2፣ 2፣ 3፣ 2። አሁን ሐሙስም በምሳ ዕቃ ሆኗል። የእሑድ ማታው 2 ግን አልተነቃነቀም፤ ግሩፑን እንዳትዘጋው የሰኞ ድልድል የሚወጣው እዚያ ነው።