ኮምጠጥ ያለውን ቡና በፈረንሳይኛ መሸጥ

በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ፣ አብራን የተማረች አንዲት እኅት ጠባብ ሱቅ ከፍታ የይርጋ ጨፌ ቡናና ጥቂት ዓይነት የአገር ቤት ቅመም ትሸጣለች። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ስለ ሆነ ገዢ የሚመጣላት በእግሩ ሲዘዋወር አይቷት ሳይሆን በስልኩ ላይ ሥዕል ተመልክቶ ነው። ስለዚህ ቡናውን ፎቶግራፍ አንሥታ በኢንስታግራም ታወጣለች፤ ከሥዕሉም ሥር አጭር ጽሑፍ፣ ለሚሻው ሰው ደግሞ ሰፋ ያለ መግለጫ ታያይዛለች። የመጀመሪያው ጽሑፏ ያመጣባትን ጣጣ ስታጫውተን ሳቅንም፣ አዘንንም።

በአንድ ጊዜ የምታስቆላው 12 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። ቡና ሲቆላ ውስጡ ያለው እርጥበት ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ 12ቱ ኪሎ 10 ኪሎ ያህል ሆኖ ይወጣል። ይኸውም ባለ 250 ግራም 40 ከረጢት መሆኑ ነው። የተቆላ ቡና መዓዛው ቀን በቀን እየለቀቀው ይሄዳልና አርባው ከረጢት በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ካልተሸጠ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ያጠራጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት የተሸጠው አምስት ብቻ ነበር። ከአምስቱም ገዢዎች አንዱ ቀምሶ መለሰው፤ ሌላዋ ሴት ደግሞ ገና ሳትገዛ፣ «ቡናው ተበላሽቷል እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

ጥፋቱ በቡናው ሳይሆን በአንዲት ቃል ነበር። እኅታችን ጽሑፉን በልቧ በአማርኛ አስባ፣ «ኮምጠጥ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል» የሚለውን ወደ ፈረንሳይኛ ስትመልስ «ኤግር» የሚለውን ቃል ጻፈች። ፈረንሳዮች ግን ኤግር የሚሉት ወተት ሲበላሽና የወይን ጠጅ ወደ ኮምጣጤ ሲለወጥ ነው። በኛ ቋንቋ «ኮምጣጣ» እና «ኮምጠጥ ያለ» ብለን የቃሉን አነጋገር በማለሳለስ የምንለየውን፣ እነርሱ በሌላ ቃል ይለዩታል፤ ደስ ለሚለው ኮምጠጥታ «አሲዱሌ» ይላሉ። ይህ ቃል ልጆች ለሚመጡት የሎሚ ከረሜላ የሚነገር ስለ ሆነ ሰውን አያስደነግጥም። በደጋ የበቀለና ታጥቦ የተዘጋጀ የይርጋ ጨፌ ቡና፣ ለስለስ ተደርጎ ሲቆላ፣ ጣዕሙ በእርግጥ እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የመጣው ከልመና ብዛት ነው ብንል አንሳሳትም። ገዢ እንዲበረክትላት አስባ «ኮርሴ» የሚል ቃል ጨመረች። ኮርሴ ማለት ጠንካራ፣ መረር የሚል ማለት ሲሆን በፈረንሳይ የገበያ አዳራሾች በብዙ የቡና መጠቅለያ ላይ ተጽፎ ይታያል። ይህን አንብቦ የሚገዛ ሰው ጠቆር ብሎ የተቆላና አፍ የሚይዝ ቡና ይጠብቃል። በፋንታው እንደ ሻይ ቀለል ያለና አበባ አበባ የሚሸት ሲያገኝ የተታለለ ይመስለዋል። ከረጢቱን የመለሰው ሰውዬ ያለው ይህንኑ ነበር፤ «ይህ ቡና አይደለም፤ ሻይ ነው» አለና ሄደ።

በጽሑፉ ራስ ላይ «ሞካ» የሚል ስምም ነበረ። ይህ ስም የቆየ ታሪክ አለው፤ የየመን ወደብ ስም ሆኖ ሳለ በጊዜ ብዛት ከቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ለሚመጣው ቡና ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ በዓደን ለነበረ የፈረንሳይ የንግድ ቤት ቡና ሲገዛ፣ የሐረር ቡና ለአውሮፓ ገበያ የሚቀርበው በዚሁ ስም ነበር። ዛሬ ግን ለፈረንሳዊ ሞካ ሲሉት፣ አንዱ የቡና ክሬም የተቀባ ኬክ፣ ሌላው በምድጃ ላይ የሚጣደውን የኢጣልያኖች ጀበና ያስባል። የአገራችን መንግሥት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከደከመ በኋላ ያንን ትቶ በሞካ ስም መነገድ ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ ታየን። ነግረናትም ሰረዘችው።

የቅመሙ ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። ነጭ አዝሙድን «ነጭ ኩሜን» ብላ ጽፋዋለች። ኩሜን ፈረንሳዮች ከሙንን የሚጠሩበት ስም ነው። ካሮት በከሙን መሥራት የተለመደ የቤት ምግባቸው ስለ ሆነ አንዲት ደንበኛ ገዝታ በካሮቱ ላይ ነሰነሰችው። ነጭ አዝሙድ ግን የሚሸተው ጦስኝ ጦስኝ ነው፤ ወጡም ጦስኝ ጦስኝ አለ። ትክክለኛ ስሙ «አዦዋን» ነው፤ በሕንዶች የቅመም ሱቅ የለመዱት ሰዎች ያውቁታል። ጥቁር አዝሙድም «ኒዤል» ይባላል እንጂ፣ አንዳንዶች በስሕተት እንደሚሉት «ጥቁር ኩሜን» አይደለም። ኮረሪማን ግን የራሱን ስም ይዞ፣ ከጎኑም «የኢትዮጵያ ካርዳሞም» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፤ አረንጓዴውን ሄል የለመደ ሰው ያንኑ መስሎት እንዳይገዛ ጣዕሙ ከዚያ እንደሚለይ መንገር ያስፈልጋልና።

«ራስ ምታትን ያስወግዳል፣ ለልብ ይበጃል» የሚለውን ሐረግ ደግሞ ሕግ አስወጣው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለጤና ይጠቅማል ተብሎ ስለ ምግብ የሚነገረውን፣ አስቀድሞ የተፈቀደ ካልሆነ፣ ይከለክላል፤ ምግብ በሽታን ያድናል ማለትማ ጨርሶ አይፈቀድም። የሸማቾችን ጉዳይ የሚቆጣጠረው የፈረንሳይ መሥሪያ ቤት ትንሽ ሱቅ ነው ብሎ አይምርም። ታዲያ ጽሑፉን በአማርኛ ብቻ አድርጎ መገላገልም አይቻልም፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ለሽያጭ የሚቀርብ ዕቃ መግለጫው በፈረንሳይኛ እንዲሆን ያስገድዳልና።

ሁለተኛው ጽሑፍ በአማርኛ ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ «የይርጋ ጨፌ ቡና፣ የታጠበ። እንደ ሎሚ አሲዱሌ፣ እንደ ጃስሚን አበባ የሚሸት፤ ያለ ወተት ይጠጡት። ማክሰኞ ተቆልቷል። 250 ግራም 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም፣ ኪሎው 38 ዩሮ።» ኢንስታግራም ረዘም ያለውን ጽሑፍ ቆርጦ መጀመሪያውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ጣዕሙ ከፊት፣ ዋጋው ከኋላ ሆነ። የኪሎውን ዋጋ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ገዢም ከሌላው ሱቅ ጋር የሚያስተያየው በእርሱ ነው። ሰፊው መግለጫ ደግሞ አፈላሉን ነገረ፦ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ቡና፣ የፈላው ውሃ አንድ አፍታ በረድ ካለ በኋላ አፍስሶ፣ በባለ መጭመቂያው ማፍያ ለ4 ደቂቃ ማቆየት። ገዢውን «እርስዎ» ብላ ነው የጻፈችለት፤ «አንተ» የሚሉ የወጣት ሱቆች አሉ፣ ነገር ግን የእርሷ ደንበኞች አብዛኞቹ ጸጉራቸው የሸበተ ነው። ከቃለ አጋኖና ከጥያቄ ምልክት በፊት ባዶ ቦታ መተው እንዳለባትም ያሳየቻት ጎረቤቷ ናት፤ ያ ቦታ ሲጎድል ጽሑፉ የባዕድ እጅ መሆኑን ፈረንሳዊ ዓይን ወዲያው ያውቃል ይባላል።

ከሁለተኛው ቁሊት 31 ከረጢት በወሩ ውስጥ ሄደላት፤ ዘጠኙን በቅናሽ ሸጠች። በመደርደሪያው ላይ «ነጭ ኩሜን» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው 18 ብልቃጦች ቀርተው ነበርና፣ ስልኩን ስንዘጋ በብዕር እየሰረዘች «አዦዋን» ብላ ትጽፍባቸው ነበር።