አንድ አዋጅ፣ ሦስት መልስ

የኅብረተሰብ ትምህርት ፈተና ሳርም ከሁሉ የሚከብደኝ በትክክለኛ መረጃ የተሞላ ወረቀት ላይ ዝቅተኛ ማርክ መጻፍ ነው። ተማሪው አጥንቷል፤ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄው «አብራራ» ሲለው እሱ ገልጿል፤ «ገምግም» ሲለው ደግሞ ያንኑ አርዝሞ ገልጿል።

ልዩነቱን በአንድ ርዕስ ላይ እንየው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይሁን።

«የአዋጁን ዋና ዋና ድንጋጌዎች ግለጽ» ከተባለ፣ የሚፈለገው የነገሩ መልክ ነው። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም። መሬት መሸጥ፣ ማከራየት፣ በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ። ጭሰኛው ለባለመሬት ከሚከፍለው ግብር ነፃ ወጣ። አፈጻጸሙ በገበሬ ማኅበራት እጅ ሆነ፤ አንዱ ማኅበር 800 ሄክታር ያህል መሬት ላይ የሚቋቋም ነበር። መልሱ እዚህ ያበቃል። ተማሪው ደርግ ይህን ያደረገበትን ምክንያት ቢጨምር ስህተት አይሆንበትም፤ ግን ጊዜውን ያባክናል እንጂ ማርክ አያገኝበትም።

አሁን ጥያቄውን እንለውጠው፤ «አዋጁ ከሰሜኑ ይልቅ በደቡቡ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ለምን እንደሆነ አብራራ።» ከላይ የዘረዘርናቸው ድንጋጌዎች በሰሜንም በደቡብም አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ድንጋጌዎቹን ብቻ የደገመ ተማሪ ጥያቄውን አልነካውም። መነሻው ከአዋጁ በፊት የነበረው የመሬት ሥሪት መሆን አለበት። በሰሜን ብዙው ገበሬ በርስት፣ ማለትም በትውልድ ሐረጉ በሚያገኘው መብት ያርስ ነበር። በደቡብ ግን ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ ሰፊ መሬት ለሹማምንትና ለወታደሮች ተሰጥቶ፣ ነባሩ አራሽ ቀስ በቀስ ጭሰኛ ሆነ፤ ከምርቱም ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ባለመሬቱ በአዋጅ ሲነሣ የደቡቡ ገበሬ ያ ድርሻ ጎተራው ቀረለት፤ የሰሜኑ ባለርስት ግን መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ ጌታ በብዛት ስላልነበረው ኑሮው ያን ያህል አልተናጋም።

በዚህ መልስ ውስጥ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ትልቅ ሥራ ይሠራል። ተማሪዎቼን ማብራሪያቸውን ሲጨርሱ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» ያሉበትን ቦታ እንዲያሰምሩ እነግራቸዋለሁ። አንድም ካላገኙ የጻፉት ዝርዝር ነው። አምስት ምክንያት በአንድ በአንድ ቃል ከመደርደር፣ አንዱን ከመነሻው እስከ ውጤቱ መከተል ይበልጣል።

እዚህ ላይ የእኛም የመምህራን ጥፋት አለ። በአማርኛ «ግለጽ» ሰፊ ቃል ነው፤ ብዙዎቻችን «ምክንያቱን ግለጽ» ብለን እንጽፋለን፤ ይህ ግን ማብራሪያ መጠየቅ ነው። ተማሪው ከትእዛዙ ቃል ጋር የተያያዘውን ስም ማየት አለበት። «ገጽታውን» ከሆነ መግለጫ፣ «ምክንያቱን» ወይም «ተጽዕኖውን» ከሆነ ማብራሪያ ይፈለጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ «አዋጁ የአራሹን የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ መልሷል የሚለውን ሐሳብ ገምግም» ይላል። እዚህ የተለመደው መልስ «ጥቅምም ጉዳትም ነበረው» የሚል ሲሆን፣ ሁለቱን ወገን ደርድሮ መሃል ላይ ይቆማል። ፍርድ ስለሌለው ግምገማ አይባልም። ለመፍረድ በቅድሚያ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው «ጭሰኝነት ቀርቷል ወይ?» ከሆነ መልሱ አዎ ነው። «ገበሬው መሬቱን እንደ ባለቤት ማዘዝ ቻለ ወይ?» ከሆነ ግን መልሱ ይለወጣል፤ መሸጥም ማከራየትም አልቻለም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን በኮታ እንዲያስረክብ ተገዷል።

ጎበዝ ተማሪ ሁለቱን መዝኖ እንዲህ ይጽፋል፦ «አዋጁ ባለመሬቱን ከአራሹ ትከሻ አውርዷል፤ ነገር ግን ጥያቄው ባለቤትነት ስለሆነ የመጠቀም መብት ብቻ ሰጥቶ ባለቤትነቱን ለመንግሥት አስተላልፏል፤ ስለዚህ ሐሳቡን በከፊል ብቻ እቀበለዋለሁ።» ሌላው ተማሪ በደቡቡ ጭሰኛ ዓይን ተመልክቶ ትልቁ ቀንበር የባለመሬቱ ድርሻ ነበር፣ እሱም ተነሥቷል ብሎ በተቃራኒው ቢፈርድ፣ መለኪያውንና ማስረጃውን እስካሳየ ድረስ እኩል ማርክ እሰጠዋለሁ። ማርክ የምቀንሰው ፍርዱ በመጨረሻው መስመር ድንገት ብቅ ሲል፣ ከላይ የተጻፈውም ወደዚያ ሳያደርስ ሲቀር ነው።