ተጨማሪ መረጃ፦ የስድስት ቀን ሥራ በአራት ቀን ያልቃል?

በዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን በሳምንት 48 ሰዓት የምትሠራ አንዲት ሠራተኛን አስቡ። ሰዓቱ በአራት ቀን ቢጠቃለል በቀን 12 ሰዓት ይደርሳታል። የአንድ ሰዓት ምሳ ሲጨመር ከጠዋቱ 1 ሰዓት የገባችው የምትወጣው ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ በሳምንት የነበራት ስድስት የምሳ ዕረፍትም ወደ አራት ይወርዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ከአንድ ቀን የተቀነሰ ሰዓት ለሌሎቹ ሲደለደል በ8 ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይጨመር ይከለክላል። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በላይ ያለው የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ማለትም ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ የሚሠራ ሥራ ነው። በሳምንት 8 ሰዓት ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ የ12 ሰዓት ክፍያ ያስገኛል።

«ትርፍ ሰዓቱ በአዋጁ ከተቀመጠው በቀን የ4፣ በሳምንት የ12 ሰዓት ጣሪያ ስላላለፈ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ትርፍ ሰዓት የተፈቀደው እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ላሉ ምክንያቶች እንጂ ለቋሚ ፕሮግራም አይደለም። «ሦስት ቀን ማረፍ አይሻልም?» ለሚል፣ መንገዱ ሳምንቱን በስምምነት ወደ 40 ሰዓት፣ ማለትም በአራት ቀን በቀን ወደ 10 ሰዓት ማውረድ ነው፤ ያኔም ደመወዙ እንዳይቀነስ በውሉ መጻፍ አለበት። እናንተም በሳምንት 44 ሰዓት ለምትሠራ ሠራተኛ አስሉት።