አንድ ሺህ ዶላር ማስታወቂያ ስንት ዕቃ ይሸጣል?

ማርኬቲንግ የሚማር ሰው ሳይሠራው የማያልፈው የቤት ሥራ አለ። የማስታወቂያ ወጪና የሽያጭ ሠንጠረዥ ይሰጠውና «ሪግሬሽን ሠርተህ ውጤቱን ተርጉም» ይባላል። ስሌቱን ኮምፒዩተሩ ወዲያው ይጨርሰዋል። ነጥብ የሚቆረጠው ትርጉሙ ላይ ነው፤ በተለይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን የሚመልሱ ሁለት ቁጥሮች ሲቀላቀሉ። አንደኛው ኮኤፊሸንት፣ ሁለተኛው አር ስኩዌር ይባላል።

ልዩነታቸውን ለማየት ጋሬት ጄምስ፣ ዳኒኤላ ዊትን፣ ትሬቨር ሄስቲና ሮበርት ቲብሺራኒ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የስታቲስቲክስ መማሪያ መጽሐፍ የተጠቀሙበት ሠንጠረዥ ይበቃል። ሠንጠረዡ አንድ ምርት በ200 ገበያዎች ምን ያህል እንደተሸጠ፣ በየገበያው ለቴሌቪዥን፣ ለሬዲዮና ለጋዜጣ ማስታወቂያ ምን ያህል እንደወጣ ይዟል። ወጪው የተጻፈው በሺህ ዶላር፣ ሽያጩ በሺህ ዕቃ ነው። ይህን መጀመሪያ ማስታወሻ ላይ ማስፈር ይገባል፤ መለኪያውን የዘነጋ ተማሪ ቀጥሎ የሚጽፈው ሁሉ ይዛባበታል።

ከቴሌቪዥን እንጀምር። እያንዳንዱን ገበያ ወጪውን ወደ ጎን፣ ሽያጩን ወደ ላይ አድርገን በነጥብ ብናስቀምጠው ወደ ቀኝ እየወጣ የሚሄድ የነጥቦች መንጋ እናያለን። ሪግሬሽን በዚያ መካከል አንድ ቀጥተኛ መስመር ያሰምራል። የሚመረጠው መስመር ከየነጥቡ ያለው የቁመት ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ድምሩ ከሁሉም ያነሰ የሚሆነው ነው። በኤክሴል ለ200ው ገበያ፣ የቴሌቪዥን ወጪ በ B፣ ሽያጭ በ E ዓምድ ካለ፣ ሥራው ይኸው ነው፦

```
=INTERCEPT(E2:E201,B2:B201)
=SLOPE(E2:E201,B2:B201)
=RSQ(E2:E201,B2:B201)
```

መልሶቹ በቅደም ተከተል 7.03፣ 0.0475 እና 0.61 ናቸው።

የመካከለኛው ቁጥር የመስመሩ ተዳፋት፣ ማለትም የቴሌቪዥን ኮኤፊሸንት ነው። ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ 1,000 ዶላር ጨምሮ ያወጣ ገበያ ከሌላው በአማካይ 47.5 ያህል ዕቃ በልጦ ይሸጣል ማለት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ አለቃ ግን የሚጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። 1,000 ዶላር ለ47.5 ዕቃ ሲካፈል አንዱ ተጨማሪ ዕቃ 21 ዶላር ያህል የማስታወቂያ ወጪ ይጠይቃል። ከአንድ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ 15 ዶላር ከሆነ፣ ኮኤፊሸንቱ ምንም ያህል «አስተማማኝ» ቢባል ማስታወቂያው ያከስራል። ትርፉ 40 ዶላር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ200 ገበያ መረጃ ፍጹም ስላልሆነ ተዳፋቱ ራሱ ከ0.042 እስከ 0.053 ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የአንዱ ዕቃ ወጪም ከ19 እስከ 24 ዶላር ይዋልላል። ይህን ክልል የማይጽፍ መልስ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር በእርግጠኝነት እየተናገረ ነው።

7.03 ደግሞ የቴሌቪዥን ወጪ ዜሮ ሲሆን መስመሩ የሚነሳበት ቦታ ነው፤ 7,030 ዕቃ። «ያለ ማስታወቂያ 7,030 ዕቃ ይሸጣል» የሚለው ትርጉም በቤት ሥራ ወረቀቶች ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። እነዚያ ገበያዎች ለቴሌቪዥን ባያወጡም ለሬዲዮና ለጋዜጣ ያወጡ ነበር፤ የእነሱ ድርሻ በዚህ ቁጥር ውስጥ ተደብቋል። ሦስቱም የማስታወቂያ ዓይነቶች አብረው ሲሰሉ መነሻው ወደ 2.94 ይወርዳል።

አሁን ወደ አር ስኩዌር እንምጣ። ስለማስታወቂያ ምንም የማያውቅ ሰው የየገበያውን ሽያጭ ገምት ቢባል ለሁሉም አማካዩን፣ 14 ሺህ ዕቃ ገደማ፣ ይናገራል። የዚህ ሰው ስህተቶች በየራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 5,417 ይሆናሉ። የእኛን መስመር ተጠቅሞ የሚገምተው ግን ስህተቱ ወደ 2,103 ይወርድለታል። ቅናሹ ከመቶ 61 ነው፤ አር ስኩዌር 0.61 ማለትም ይኸው ነው። በገበያዎች መካከል ከሚታየው የሽያጭ መለያየት 61 በመቶው ከቴሌቪዥን ወጪ መለያየት ጋር አብሮ ይሄዳል። «ትንበያው 61 በመቶ ትክክል ነው» ወይም «ከሽያጩ 61 በመቶውን ያመጣው ማስታወቂያ ነው» ማለት ግን አይደለም። ትንበያው ምን ያህል እንደሚስት ለማወቅ ሌላ ቁጥር አለ፤ የመስመሩ የተለመደ ስህተት 3,260 ዕቃ ያህል ነው። አማካይ ሽያጩ 14 ሺህ ለሆነ ምርት ይህ ትንሽ አይደለም።

ከቁጥሮቹ በፊት ሥዕሉን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ነጥቦቹ በግራ በኩል ተጠጋግተው በቀኝ በኩል ይበታተናሉ፤ ብዙ ባወጡ ገበያዎች ላይ መስመሩ የሚስተው በብዙ ነው። በጣም ጥቂት ባወጡት ላይ ደግሞ መስመሩ ከእውነተኛው ሽያጭ በላይ ይገምታል። በሠንጠረዡ ውስጥ ትልቁ የቴሌቪዥን ወጪ 300 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። በዚሁ መስመር የ600 ሺህ ዶላርን ውጤት የሚተነብይ ሰው ማንም ያላየውን ገበያ ነው የሚናገረው።

እኔ ለተማሪ አንድ ነገር ብቻ አሳይ ብባል ግን ጋዜጣውን ነው የማሳየው። ሽያጭን በጋዜጣ ወጪ ብቻ ስናሰላ ተዳፋቱ 0.055 ይወጣል፤ ከቴሌቪዥኑ 0.0475 ይበልጣል! አር ስኩዌሩ ግን 0.05 ብቻ ነው። ታዲያ ጋዜጣ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ተዳፋቱ የሚናገረው ስለ አንድ ሺህ ዶላር ነው፤ አር ስኩዌር የሚናገረው ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል እንደሚቀርቡ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይጋጩም። የጋዜጣው ተዳፋት በስታቲስቲክስ መመዘኛም ያልፋል፤ ከስህተት ልኩ ሦስት እጥፍ በላይ ነው። የቤት ሥራው «ገንዘቡን ወደ ጋዜጣ አዙሩ» ብሎ ቢደመደም ሒሳቡ ላይ ምንም ስህተት አይገኝበትም።

ምክሩ ግን የተሳሳተ ነው። ሦስቱም ወጪዎች በአንድ ስሌት ሲገቡ የቴሌቪዥኑ ኮኤፊሸንት 0.046፣ የሬዲዮው 0.189 ይሆናል፤ የጋዜጣው ግን ዜሮ ላይ ይወድቃል። ምክንያቱ እዚያው ሠንጠረዡ ውስጥ አለ። ለሬዲዮ ብዙ የሚያወጡ ገበያዎች ለጋዜጣም ብዙ ያወጣሉ፤ የሁለቱ ወጪዎች ዝምድና 0.35 ነው። ሽያጩን ሬዲዮ እያሳደገው ጋዜጣ አብሮ ስለነበር ብቻ ምስጋናውን ወሰደ። አንድ ተለዋዋጭ ብቻ የሚያይ ሪግሬሽን ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ከአር ስኩዌሩም ሆነ ከኮኤፊሸንቱ ላይ ማስጠንቀቂያ አይነበብም።

ያው ጥርጣሬ ቴሌቪዥኑንም ይነካል። የቴሌቪዥን ወጪ ከሬዲዮም ከጋዜጣም ጋር እምብዛም ዝምድና ስለሌለው እነሱ ሲገቡ ኮኤፊሸንቱ አልተናጋም። ሠንጠረዡ ያልመዘገባቸው የከተማው ሕዝብ ብዛት፣ የሱቆቹ ቁጥርና የተፎካካሪ ዋጋ ግን አሉ። ድርጅቱ ድሮም ብዙ በሚሸጥባቸው ከተሞች ብዙ የሚያስተዋውቅ ከሆነ 47.5 ዕቃው ከፊሉ የከተማው እንጂ የማስታወቂያው አይሆንም። ይህን የሚለየው ገበያዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ወገን ብቻ ወጪውን ጨምሮ ሽያጩን ማወዳደር ነው። ያ እስኪደረግ ድረስ በመልስ ወረቀቱ ላይ «ያመጣል» ከሚለው ይልቅ «አብሮ ይታያል» የሚለው ይጻፍ።